ሚኒመም የሚያድነው ከቅጣት ነው፣ ከወለድ አይደለም

አሜሪካ የሚኖር ሰው የክሬዲት ካርዱን ቢል በስልኩ ሊከፍል ሲል አፑ አብዛኛውን ጊዜ ሦስት ምርጫ ያቀርብለታል። አንደኛው «Minimum Payment Due» ይላል፤ 35 ወይም 40 ዶላር የምትሆን ትንሽ ቁጥር ናት። ሁለተኛው «Statement Balance» ነው፤ ያለፈው ወር ሒሳብ በተዘጋበት ቀን የነበረው ጠቅላላ ዕዳ ነው። ሦስተኛው «Current Balance» ደግሞ ከዚያ ወዲህ የተገዛውን ሁሉ ጨምሮ እስከዛሬ ያለውን ዕዳ ያሳያል። ሦስቱ እንዲህ ተደርድረው ሲታዩ ልዩነታቸው የገንዘብ መጠን ብቻ ይመስላል። አቅም ያለው ብዙውን ይነካል፣ ያጠረው ትንሹን ይነካል፣ ሁሉም ግን በቀኑ ከፍሏል። ስለ ካርድ ወሬ በተነሳ ቁጥር ከሐበሻው የምሰማው ቅሬታም ከዚሁ የሚመነጭ ነው፦ «አንድም ቀን አሳልፌ አላውቅም፤ ታዲያ ይሄ ወለድ ከየት መጣ?»

ወለዱ የመጣው ከካርዱ ሕግ ነው። ባንኩ ሁለት የተለያዩ ነገሮችን ለየብቻ ይመለከታል። የመጀመሪያው ሚኒመሙ እስከ መክፈያው ቀን ገብቷል ወይ የሚለው ነው። ካልገባ የመዘግየት ቅጣት ይጥላል። ሁለተኛው የስቴትመንቱ ዕዳ ሙሉ በሙሉ ተከፍሏል ወይ የሚለው ነው። ካልተከፈለ ወለድ ያሰላል። ስለዚህ በቀኑ 35 ዶላር የከፈለ ሰው ከቅጣቱ አምልጧል፣ ለክሬዲት ታሪኩም ደህና ከፋይ ነው፤ ወለዱ ግን ከላዩ አልተነሳለትም። ሁለቱን ጥያቄዎች አንድ አድርጎ ማየት በካርድ ላይ ከማውቃቸው ስህተቶች ሁሉ ብዙ ገንዘብ የሚያስወጣው ነው።

ከግሬስ ፔሪየዱ እንጀምር። ብዙ ሰው ይህን ቃል የሚያውቀው ከቤት ኪራይ ነው። ኪራይ በወሩ መጀመሪያ ቀን ይጠየቅና አከራዩ አምስት ቀን ያህል ይታገሳል፤ በእነዚያ ቀናት ውስጥ የከፈለ አይቀጣም። የካርዱ እንደዚያ አይደለም። ከመክፈያው ቀን በኋላ የሚመጣ የትዕግሥት ጊዜ የለም። የካርዱ የእፎይታ ጊዜ ከመክፈያው ቀን በፊት ያለው ነው፤ ሒሳቡ ከተዘጋበት ቀን አንስቶ እስከ መክፈያው ቀን ድረስ፣ የተገዛው ዕቃ ወለድ ሳይታሰብበት የሚቆይበት ጊዜ። የአሜሪካ ሕግ ባንኮች ይህን ጊዜ የግድ ስጡ አይልም። በ2009 የወጣው የክሬዲት ካርድ ሕግ የሚለው፣ የምትሰጡ ከሆነ ቢሉ ከተላከ በኋላ ቢያንስ 21 ቀን ይሁን ነው። በተግባር አብዛኞቹ ካርዶች ይሰጣሉ፤ ብዙዎቹም 25 ቀን አካባቢ ያደርጉታል።

ጊዜው በደንብ ለሚጠቀምበት ረጅም ነው። ሒሳቡ በየወሩ መጨረሻ ቀን የሚዘጋ፣ መክፈያው ደግሞ በቀጣዩ ወር 25ኛው ቀን የሆነ ካርድ እንውሰድ። ጁን 2 የተገዛ ዕቃ ጁን 30 በሚዘጋው ሒሳብ ውስጥ ይገባና ጁላይ 25 ይከፈላል። ይህ ያለ አንድ ሳንቲም ወለድ 53 ቀን በባንኩ ገንዘብ መጠቀም ነው። ነገር ግን እፎይታው ቅድመ ሁኔታ አለው፤ ያለፈው ስቴትመንት ሙሉ በሙሉ፣ በቀኑ መከፈል አለበት። ሙሉ ማለት ደግሞ እስከ መጨረሻዋ ሳንቲም ነው። ከ1,200 ዶላር ዕዳ ላይ 1,190 ከፍሎ «አሥር ዶላር ምን ታደርገኛለች» ያለ ሰውም እፎይታውን ያጣል።

ሲያጣ ምን እንደሚሆን በቁጥር እናስላው። ሲልቨር ስፕሪንግ የምትኖር፣ አረጋውያንን በየቤታቸው እየሄደች የምትንከባከብ አንዲት ሴት እናስብ። ካርዷ ላይ ያለው ኤፒአር፣ ማለትም የዓመቱ የወለድ መጠን፣ 24 በመቶ ነው። ይህ የተጋነነ አይደለም፤ ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ወለድ የሚያስቡ ካርዶች አማካይ መጠን ከ20 በመቶ በላይ ነው። ባንኩ ግን በዓመት ወይም በወር ሳይሆን በየቀኑ ነው የሚያሰላው። 24 በመቶን ለ365 ሲያካፍለው ለእያንዳንዱ ቀን 0.0658 በመቶ ገደማ ይደርሳል። በእያንዳንዱ 100 ዶላር ላይ በቀን ስድስት ሳንቲም ተኩል መሆኑ ነው። ትንሽ ትመስላለች፤ ነገር ግን ቅዳሜና እሁድ፣ በዓልና ጾም ሳትል በየቀኑ ትታሰባለች።

ሴትዮዋ እስከ ሜይ ድረስ ቢሏን ሁልጊዜ ሙሉ ስትከፍል ነው የቆየችው። ጁን ውስጥ ወደ አዲስ አበባ የሚወስዳትን የ1,200 ዶላር ትኬት በካርዱ ቆረጠች። ሒሳቡ ጁን 30 ሲዘጋ ስቴትመንቷ 1,200 ዶላር፣ ሚኒመሙ 35 ዶላር ሆነ። ጁላይ 10 የመኪናዋ ጎማ አልቆ ስለነበር 600 ዶላር አውጥታ አስቀየረች፤ ይህንንም በካርዱ ከፈለች። ጁላይ 20፣ የመክፈያው ቀን ሳይደርስ፣ 1,000 ዶላር ከፈለች። ከሚኒመሙ ወደ ሠላሳ እጥፍ የሚጠጋ ገንዘብ ነው። የቀረችው 200 ዶላር ናት፤ እሷም በሚቀጥለው ወር ትሸፈናለች።

የጁላይ ስቴትመንት ሲመጣ 12 ዶላር ከ76 ሳንቲም የሚያህል ወለድ ተጽፎበታል። ከየት መጣ? በሕጉ መሠረት ባንኩ በእፎይታው ጊዜ ውስጥ በተከፈለው 1,000 ዶላር ላይ ወለድ ማሰብ አይችልም። ከ2010 በፊት ወደ ኋላ ተመልሰው በዚያም ላይ የሚያስቡ ባንኮች ነበሩ፤ የ2009ኙ ሕግ ይህን ከልክሏል። ባልተከፈለው 200 ዶላር ላይ ግን ከጁላይ 1 ጀምሮ ይቆጥራል፤ ለ31 ቀን 4 ዶላር ከ8 ሳንቲም ይሆናል። የቀረው 8 ዶላር ከ68 ሳንቲም የመጣው ከጎማው ነው። ጎማው ገና ቢል እንኳ ያልወጣበት አዲስ ግዢ ነው፤ ሴትዮዋም አልዘገየችም። ነገር ግን የጁኑን ስቴትመንት ሙሉ ስላልከፈለች የጁላይ ግዢዎቿ እፎይታቸውን አጥተዋል። እፎይታ ያጣ ግዢ ደግሞ ዕቃው ከተገዛበት ቀን ጀምሮ ወለድ ይታሰብበታል፤ ከጁላይ 10 እስከ 31 ያሉት 22 ቀናት ተቆጠሩበት ማለት ነው።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ሰዎች እምብዛም የማያስተውሉት ነገር ስለሆነ ነው። ሴትዮዋ ከከፈለችው ወለድ ሁለት ሦስተኛው የመጣው ካስተረፈችው ዕዳ ሳይሆን በአዲስ ከገዛችው ዕቃ ነው። ስለዚህ «200 ዶላር ባሳድር ስንት ወለድ ይመጣብኛል?» ብሎ የሚያሰላ ሰው ስሌቱን ግማሽ ላይ ነው የሚያቆመው። ያችኑ ካርድ ለአስቤዛውም፣ ለቤንዚኑም፣ ለስልኩም እየመዘዘ ከሆነ ያሳደራት ትንሽ ዕዳ በወሩ ግዢ ሁሉ ላይ ወለድ ትጎትታለች። ዕዳ ማሳደር ግድ ከሆነ አሳዳሪውን ካርድ ኪስ ውስጥ ማቆየት፣ የዕለት ወጪውን በዴቢት ካርድ ወይም ዕዳ በሌለበት ሌላ ካርድ መሸፈን ይሻላል። የዚህኛው ካርድ እፎይታ ጠፋ ማለት የሌላውም ጠፋ ማለት አይደለም፤ እያንዳንዱ ካርድ የራሱ ሒሳብ አለው።

ወደ ጉዳያችን እንመለስ። የጁላይ ስቴትመንት 200፣ 600 እና ወለዱ ተደምረው 812 ዶላር ከ76 ሳንቲም ሆነ። ሴትዮዋ ነገሩ ስላላማራት ኦገስት 25 ቀን ጠቅላላውን ከፈለች፤ ካርዱንም መሳቢያ ውስጥ ከተተችው። ኦገስት ላይ ምንም አልገዛችም። ሆኖም የኦገስት ሒሳብ ሲዘጋ 12 ዶላር ከ83 ሳንቲም የሚያህል ዕዳ ታየባት። ምክንያቱ ይህ ነው፦ ስቴትመንቱ ጁላይ 31 ሲዘጋ የነበረውን ዕዳ ነው የሚያሳየው። ወለዱ ግን ከኦገስት 1 ጀምሮ ገንዘቡ እስከገባበት ቀን ድረስ በየቀኑ መቆጠሩን አላቆመም። የእነዚያ 24 ቀናት ወለድ በጁላዩ ቢል ላይ ሊጻፍ አይችልም፤ ገና አልተወለደም ነበር። ስለዚህ በሚቀጥለው ቢል ከኋላ ተከትሎ ይመጣል።

አደጋው ያለው እዚህ ነው። ዕዳዬን ዘግቻለሁ ብሎ ያመነ ሰው ቢሉን አይከፍትም። ሴትዮዋ ሳታየው ሴፕቴምበር 25 አለፈ። አሥራ ሁለት ዶላሯ ስላልተከፈለች የመዘግየት ቅጣት ተጣለባት። በሕጉ መሠረት ቅጣቱ ሊከፈል ከነበረው ሚኒመም ሊበልጥ አይችልም፤ ትንሽ ዕዳ ሲሆን ሚኒመሙ ራሱ ዕዳው ስለሆነ፣ እዚህ ላይ ቅጣቱ ቢበዛ 12 ዶላር ከ83 ሳንቲም ነው። በገንዘብ ቀላል ነው። ከባዱ ከዚያ ወዲያ ያለው ነው። ባንኮች መዘግየትን ለክሬዲት ቢሮዎቹ የሚያሳውቁት ከ30 ቀን በላይ ሲያልፈው ነው። ኦክቶበር መጨረሻ ድረስ ካላየችው የአሥራ ሁለት ዶላር ዕዳ እንደ አንድ ወር መዘግየት ሊመዘገብባት ይችላል፤ ይህ ምልክት ደግሞ እስከ ሰባት ዓመት በክሬዲት ታሪኳ ላይ ይቆያል። ከሁለት ዓመት በኋላ የቤት ብድር ስትጠይቅ አበዳሪው የሚያየው የአሥራ ሁለት ዶላሩን ታሪክ ሳይሆን መዘግየቱን ነው። ይህን ያህል ትንሽ ቀሪ የሚሰርዙ ባንኮች አሉ፤ በእሱ ተማምኖ ቢልን አለመክፈት ግን አይገባም።

መከላከያው ቀላል ነው። ወለድ ሲቆጥር የነበረ ካርድ ለመዝጋት የፈለገ ሰው ስቴትመንቱ ላይ ያለውን ቁጥር ብቻ ከፍሎ መሄድ የለበትም። ካርዱ ጀርባ ላይ ባለው ቁጥር ደውሎ «ዛሬ ብከፍል ጠቅላላ መዝጊያው ስንት ነው?» ብሎ መጠየቅ ይችላል፤ የዕለቱን ወለድ ጨምረው ይነግሩታል። ከዚያም በኋላ ቢል ዜሮ ብሎ እስኪመጣ ድረስ መከታተል ነው። የጠፋውን እፎይታ ለማስመለስም ስቴትመንቱን ሙሉ በሙሉ መክፈል ያስፈልጋል። አንዳንድ ባንኮች በአንድ ወር ሙሉ ክፍያ ይመልሱታል፣ ሌሎች ሁለት ተከታታይ ወር ይጠይቃሉ፤ በካርዱ ውል ውስጥ ተጽፎ ይገኛል።

አሁን ሚኒመሙን ራሱን እንየው። ብዙ ባንኮች የሚያሰሉት የዕዳውን 1 በመቶ ወስደው የወሩን ወለድና ቅጣት ካለ ቅጣቱን በመደመር ነው። ድምሩ ከተወሰነ ወለል በታች ከሆነ፣ ለምሳሌ ከ35 ዶላር ካነሰ፣ ወለሉን ይጠይቃሉ። ስሌቱን ልብ ብሎ ያየ ሰው አሠራሩ ይገባዋል፤ የወሩ ወለድ በሙሉ ይወሰዳል፣ ከዋናው ዕዳ ግን ከመቶ አንድ ብቻ ይነሳል። 3,000 ዶላር ዕዳ ባለበት የ24 በመቶ ካርድ ላይ የወሩን ወለድ በግርድፉ 2 በመቶ ብንለው 60 ዶላር ነው። አንድ በመቶው 30 ዶላር ነው። ሚኒመሙ 90 ዶላር ይሆናል። 90 ዶላር ከፍሎ ዕዳው የሚቀንሰው በ30 ዶላር ነው፤ በሚቀጥለው ወር 2,970 ዶላር ሆኖ ይጠብቀዋል።

በሚቀጥለው ወር ዕዳው ትንሽ ስለቀነሰ ሚኒመሙም ትንሽ ይቀንሳል፤ 89 ዶላር ይሆናል። ከዚያ 88። ለከፋዩ ሸክሙ እየቀለለለት የሚሄድ ይመስለዋል። እኔ ግን ከዚህ አሠራር ውስጥ በጣም የሚያስቆጣኝ ይህ ማሽቆልቆል ነው። የሚጠየቀው ገንዘብ በቀነሰ ቁጥር ዕዳው የሚያልቅበት ጊዜ ይርቃል። አዲስ ነገር ሳይገዛ ሚኒመሙን ብቻ እየተከተለ የሚከፍል ሰው ያንን 3,000 ዶላር ለመጨረስ 12 ዓመት ተኩል ገደማ ይፈጅበታል፤ ወለዱ ብቻ ከ4,400 ዶላር ይበልጣል። ይኸው ሰው ባንኩ የሚጠይቀውን ትቶ የመጀመሪያዋን ወር 90 ዶላር ሳይቀንስ በየወሩ ቢከፍልስ? ከአምስት ዓመት ባነሰ ጊዜ ይጨርሳል፤ ወለዱም ወደ 2,000 ዶላር ይወርዳል። ከኪሱ ከመጀመሪያው ወር የበለጠ አንድ ዶላር አላወጣም፤ ያደረገው ነገር ቢሉ ሲቀንስ አብሮ አለመቀነስ ብቻ ነው። 118 ዶላር ማውጣት ቢችል ደግሞ በሦስት ዓመት ይዘጋዋል፤ ወለዱ 1,240 ዶላር አካባቢ ነው።

ይህን ለማስላት ካልኩሌተር አያስፈልግም። የ2009ኙ ሕግ ባንኮች በየስቴትመንቱ ላይ የማስጠንቀቂያ ሰንጠረዥ እንዲያወጡ ያስገድዳል። አንደኛው መስመር ሚኒመሙን ብቻ ብትከፍሉ በስንት ዓመት እንደሚያልቅና ጠቅላላ ስንት እንደምትከፍሉ ይናገራል። ሁለተኛው በ36 ወር ለመጨረስ በየወሩ ስንት መክፈል እንደሚያስፈልግ ይናገራል። ችግሩ ዛሬ ሰው የሚከፍለው በአፑ ነው፤ ሰንጠረዡ ያለው ደግሞ በስቴትመንቱ ፒዲኤፍ ውስጥ ነው። ዕዳ ያለበት ሰው በወር አንድ ጊዜ ያንን ፒዲኤፍ ከፍቶ የመጀመሪያውን ገጽ ማየት ይገባዋል። የሦስት ዓመቷን ቁጥር ከዚያ ወስዶ በየወሩ እንዲከፈል ኦቶፔይ ላይ ማስገባት ይቻላል።

ኦቶፔይን ካነሳን፣ አሞላሉን ማየት ግድ ነው። ብዙ ሰው ኦቶፔይ ስላስገባ ነገሩ አለቀ ብሎ ይረሳዋል። ምርጫው ሚኒመሙ ላይ ከሆነ ቅጣት ፈጽሞ አይመጣበትም፤ ለዓመታት ግን ሳያውቀው ወለድ ሊከፍል ይችላል። «Statement Balance» ላይ ከሆነ ሁለቱንም ይዘጋዋል። «Current Balance» መክፈል አይጎዳም፣ ከወለድ ለመዳን ግን አያስፈልግም፤ አዲሱ ግዢ የራሱ እፎይታ አለውና። ደመወዙ የማይረጋና የባንክ ሒሳቡ ባዶ እንዳይሆንበት የሚፈራ ሰው ኦቶፔዩን ሚኒመሙ ላይ አድርጎ ቀሪውን በእጁ መክፈል ይችላል። በዚህ መንገድ ቢረሳም ቅጣት አይመጣበትም።

ቅጣቱን በተመለከተ ሕጉ የሚፈቅደው መጠን ከጊዜ ወደ ጊዜ ተስተካክሏል። ሕጉ በ2010 ሥራ ላይ ሲውል ባንኮች ያለ ጥያቄ ሊያስከፍሉ የሚችሉት ለመጀመሪያው መዘግየት 25 ዶላር፣ በቀጣዮቹ ስድስት ወራት ውስጥ ለሚደገመው 35 ዶላር ነበር። በኑሮ ውድነቱ ልክ እየጨመረ ሄዶ 30 እና 41 ዶላር ደረሰ። በ2024 የሸማቾች የገንዘብ ጥበቃ ቢሮ የትልልቆቹን ባንኮች ቅጣት ወደ 8 ዶላር የሚያወርድ ደንብ አውጥቶ ነበር። ደንቡ ሥራ ላይ ሊውል ጥቂት ቀናት ሲቀሩት ቴክሳስ ፎርት ዎርዝ ያለ የፌዴራል ፍርድ ቤት አገደው፤ በኤፕሪል 2025 ደግሞ ሙሉ በሙሉ ተሰረዘ። ስለዚህ «ቅጣቱ ስምንት ዶላር ሆኗል» የሚለውን የቆየ ዜና አምኖ የሚዘናጋ ካለ፣ ነገሩ እንደዚያ አልሆነም።

ወለዱስ ለምን ይህን ያህል ከፍ አለ? የሜሪላንድም ሆነ የኒውዮርክ ነዋሪ የካርድ ቢሉ የመጣበትን አድራሻ ቢያይ ብዙ ጊዜ ሳውዝ ዳኮታ ወይም ዴላዌር የሚል ያገኛል። በ1978 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት አንድ ብሔራዊ ባንክ ደንበኛው የትም ይኑር የትም፣ ባንኩ በተቀመጠበት ግዛት የሚፈቀደውን ወለድ ማስከፈል ይችላል ብሎ ወሰነ። ሳውዝ ዳኮታና ዴላዌር የወለድ ጣሪያቸውን አነሱ፤ ሲቲባንክም በ1981 የካርድ ሥራውን ከኒውዮርክ ወደ ሳውዝ ዳኮታ አዛወረ። በ1996 ደግሞ ያው ፍርድ ቤት የመዘግየት ቅጣትም እንደ ወለድ ይቆጠራል ብሎ ስለወሰነ፣ በደንበኛው ግዛት ያለ የቅጣት ገደብም በእነዚህ ባንኮች ላይ አይሠራም።

ከመደበኛው ቅጣት ሌላ የቅጣት ወለድ የሚባል አለ። በብዙ ካርዶች ውል ላይ 29.99 በመቶ ተብሎ የተጻፈው ነው። በነባር ዕዳ ላይ ሊጫን የሚችለው ክፍያው ከ60 ቀን በላይ ሲዘገይ ብቻ ነው፤ ባንኩም ከ45 ቀን በፊት ማሳወቅ አለበት። ከዚያ በኋላ ስድስት ተከታታይ ወር ሚኒመሙን በቀኑ የከፈለ ሰው በነባር ዕዳው ላይ የቀድሞው ወለድ ሊመለስለት ይገባል። በአንድ ቢል ያመለጠው ሰው እዚህ አይደርስም፤ ሁለተኛው ሲደገም ግን ነገሩ ወደዚህ ያመራል።

ለእኛ ሰዎች ለብቻው መነገር ያለበት አንድ ነገር አለ፤ ጥሬ ገንዘብ። የእፎይታው ጊዜ የሚሠራው ለግዢ ነው። በክሬዲት ካርድ ከኤቲኤም ገንዘብ ሲወጣ ከዚያችው ቀን ጀምሮ ወለድ ይቆጥራል፤ ወለዱም ብዙ ጊዜ ከግዢው ከፍ ያለ ነው፤ በላዩ ላይም 10 ዶላር ወይም የገንዘቡ 5 በመቶ፣ ከሁለቱ የሚበልጠው፣ ክፍያ መጠየቅ የተለመደ ነው። ብዙዎች የማያውቁት ደግሞ፣ በሐዋላ አፖች ክሬዲት ካርድ አስገብተው ወደ ሀገር ቤት ገንዘብ ሲልኩ ብዙ ባንኮች እንደ ጥሬ ገንዘብ ብድር እንደሚቆጥሩት ነው። ለፋሲካ ለእናቱ 500 ዶላር የላከ ሰው ሐዋላው ከሚያስከፍለው ሌላ 25 ዶላር ለካርድ ባንኩ ሊከፍል ይችላል። ወለዱ 29 በመቶ ከሆነ በ30 ቀን ውስጥ ወደ 12 ዶላር ይጨመርበታል። ስቴትመንቱን በቀኑ ሙሉ ቢከፍልም ይህ ወለድ አይቀርለትም። ከባንክ ሒሳብ ወይም በዴቢት ካርድ መላክ ይህን ሁሉ ያስቀራል።

ካርድ ላይ የጥሬ ገንዘብ ዕዳና የግዢ ዕዳ አብረው ሲኖሩ ክፍያው ወዴት እንደሚሄድም ማወቅ ይጠቅማል። ሕጉ ከሚኒመሙ በላይ የተከፈለው ገንዘብ ከፍተኛ ወለድ ወዳለው ዕዳ እንዲሄድ ያዛል። ሚኒመሙን ግን ባንኩ ወደፈለገው ይመድበዋል፤ አብዛኛውን ጊዜ ዝቅተኛ ወለድ ወዳለው ነው። ሚኒመሙን ብቻ የሚከፍል ሰው ውዱን ዕዳ ሳይነካ ርካሹን ሲቀንስ ይኖራል። ከሚኒመሙ በላይ የተጨመረች እያንዳንዷ ዶላር ግን በቀጥታ ውዱን ትመታለች።

ቀኑ አምልጦ ያወቀ ሰው ምን ያድርግ? በመጀመሪያ ዛሬውኑ ይክፈል፤ 30 ቀን ካልሞላ ለክሬዲት ቢሮ አልተላለፈም፣ ወለዱም በየቀኑ ነው የሚቆጠረው። የነገውን ቢል መጠበቅ የለበትም። ከዚያ ደውሎ ቅጣቱ እንዲነሳለት ይጠይቅ። ከዚያ በፊት አዘውትሮ በቀኑ ይከፍል ለነበረ ሰው ብዙ ባንኮች የመጀመሪያውን ቅጣት ይሰርዛሉ፤ ካልተጠየቁ ግን በራሳቸው አያደርጉትም። በዚያው ስልክ ላይ ወለዱም እንዲነሳለት መጠየቅ አለበት፤ ቅጣቱን ሲሰርዙ ወለዱን ላይነኩት ይችላሉ፣ የተለያዩ ሒሳቦች ናቸውና። እንግሊዝኛው የሚያስቸግረው ደግሞ ሲደውል አስተርጓሚ እንዳለ ይጠይቅ፤ በስልክ የአማርኛ አስተርጓሚ የሚያቀርቡ ባንኮች አሉ። የመክፈያው ቀን ከደመወዙ ቀን ጋር አልጣጣም ብሎ ከሆነ ያዘገየው፣ ቀኑን ማስቀየር ይችላል፤ ብዙ ባንኮች ይህን በአፑ ላይ ይፈቅዳሉ። ደመወዙ በወሩ 15 እና 30 የሚገባለት ሰው መክፈያውን 18 ወይም 3 ላይ ቢያደርገው ቢሉ የሚደርሰው ገንዘቡ በእጁ ሲሆን ነው። ቀኑ ከተቀየረ በኋላ የመጀመሪያው ወር ሒሳብ አጭር ወይም ረጅም ሊሆን ስለሚችል ያንን ስቴትመንት ከፍቶ አዲሱን የመክፈያ ቀን በዓይኑ ማረጋገጥ አለበት።